ከኬሞ በኋላ ሽንት ሲቀንስ እና ትኩሳት ሲነሳ፦ የወንድሜ ጉዳይ

አስታማሚ እህት
(የኬሞው 9ኛ ቀን፣ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁም። የ19 ዓመት ወንድሜ ሆዱ ውስጥ ቡርኪት ሊምፎማ የተባለ ዕጢ ተገኝቶበት፣ እዚህ አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ኬሞ ከጀመረ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ገና በሁለተኛው ቀን ሽንቱ ቀነሰ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት በደም ሥሩ ከአንድ ሊትር በላይ ፈሳሽ ገብቶለት ሳለ የሸናው 150 ሚሊ ሊትር ብቻ ነበር። እኔ ድካም መስሎኝ ዝም ብዬ ነበር፤ ሽንቱን እየለካች የምትጽፈው ነርስ ግን ቁጥሩን እንዳየች ሐኪም ጠራች። ደሙ ሲመረመር ፖታሲየም 6.3፣ ዩሪክ አሲድ 13 ሆኖ ተገኘ፤ ኩላሊት ሲደክም የሚጨምረው ክሬቲኒንም ከ0.8 ወደ 2.3 ወጥቶ ነበር። ሁለት ጊዜ የኩላሊት እጥበት ተደርጎለት በአራተኛው ቀን ሽንቱ ተመለሰ። ዛሬ ክሬቲኒኑ 1.3 ሆኖ፣ ለእጥበት የገባለት ቱቦም ተነቅሎ፣ ወደ ተከራየነው ቤት ገብተናል።

ስንወጣ የተሰጠን ወረቀት «ትኩሳት 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ይምጡ» ይላል። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ትኩሳቱ የሚመጣው ያ የኩላሊት ነገር ሲመለስ ነው? ውኃ በብዛት ካጠጣሁትስ ይከላከልልኛል?

ፋርማሲስት ከአዳማ

እህቴ፣ እንኳን ወንድምሽን ለዚህ አበቃው። ያጋጠመው ቱመር ላይሲስ የሚባለው ነው። ኬሞው የዕጢውን ሴሎች በአንድ ጊዜ ሲያፈርሳቸው በውስጣቸው የነበረው ሁሉ ወደ ደም ይፈስሳል፤ ዩሪክ አሲዱም ኩላሊት ውስጥ እየረጋ መተላለፊያውን ይዘጋል። አሎፑሪኖል የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ ነገር ግን አዲስ ዩሪክ አሲድ እንዳይሠራ ይከላከላል እንጂ አስቀድሞ የተሠራውን አያጠፋም፤ ስለዚህ ኬሞው ከመጀመሩ በፊት መጀመር አለበት። ከዚያ በተጨማሪ የሽንቱ አሲድነት እንዲቀንስና ዩሪክ አሲዱ እንዲሟሟ ባይካርቦኔት በግሉኮሱ ውስጥ እንዲጨመርለት ጠይቂ። ትኩሳቱን በተመለከተ ደግሞ ሲፕሮፍሎክሳሲን ገዝተሽ ቤት ብታስቀምጪ መልካም ነው፤ ትኩሳት ሲጀምረው ትሰጪዋለሽ።

የደም ሐኪም

ስለ አሎፑሪኖል የተባለው ትክክል ነው። ባይካርቦኔት ግን ቀድሞ በሰፊው ይሰጥ የነበረና አሁን በመደበኛነት የማንሰጠው ነው። ዩሪክ አሲድን ለማሟሟት ቢረዳም ካልሲየምና ፎስፌት ተጣብቀው ኩላሊት ውስጥ እንዲረጉ ያግዛል፤ በዚህ ሕመም ፎስፌት በጣም ከፍ ስለሚል ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። ኩላሊትን የሚያድነው ከሁሉ በላይ ፈሳሹ ራሱና የሽንቱ መጠን ነው።

ወደ ጠያቂዋ ልመለስ። እህቴ፣ ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ ናቸው፤ የሚመጡበትም ጊዜ የተለያየ ነው። የዕጢው መፍረስ የሚያሰጋው ኬሞው ከተጀመረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሲሆን፣ እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ እንጠብቀዋለን። ቡርኪት በፍጥነት ከሚባዙ ዕጢዎች ሁሉ ግንባር ቀደም በመሆኑ አንዳንዴ ኬሞው ሳይጀመር እንኳ በራሱ ይፈርሳል። ወንድምዎ ያንን ጊዜ አልፏል። የትኩሳቱ አደጋ የሚመጣው ግን አሁን ነው። ኬሞው መቅኒውንም ስለሚመታ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች አብዛኛውን ጊዜ ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እጅግ ያንሳሉ። በዚያን ጊዜ በአንጀቱና በአፉ ውስጥ በሰላም ይኖሩ የነበሩ ባክቴሪያዎች ወደ ደሙ ቢገቡ የሚያግዳቸው የለም፤ ሌሊት የጀመረ ትኩሳት እስከ ጠዋት የደም ግፊቱን ሊጥለው ይችላል። ውኃ ይህን አይከላከልም።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ኒውትሮፊል በሌለበት መግል አይኖርም፣ ሳል ላይኖር ይችላል፣ የሳንባ ራጅም ንጹሕ ሆኖ ሊታይ ይችላል። «ትኩሳት ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም» የሚለው አባባል በሌላ ሰው ላይ የሚያጽናና ሲሆን በእርሱ ላይ ግን ዋናው የአደጋ ምልክት ነው።

እትዬ የጡት ታካሚ

ልጄ፣ የእኔን ስሚ። እኔ የጡት ካንሰር ታካሚ ነኝ። በሁለተኛው ዙር ኬሞ በዐሥረኛው ቀን ብርድ ብርድ ብሎኝ ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። ቴርሞሜትር አልነበረኝምና ፓራሲታሞል ውጬ ተኛሁ። ላብ አላበኝና ቀለለኝ፤ ማታ ተመልሶ መጣ፤ እንደገና ዋጥኩ። በማግስቱ በአቅራቢያዬ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። በዚያ ሰዓት መድኃኒቱ ትኩሳቱን ስላወረደው 37.2 ተለካሁ፤ የደም ምርመራ አድርገው ታይፎይድ ነው አሉኝና መርፌ ጀመሩልኝ። ኬሞ ላይ መሆኔን ብነግራቸውም የነጭ ደሜን ቁጥር ማንም አላየም። በሦስተኛው ቀን ራሴን ስቼ ድንገተኛ ክፍል ገባሁ፤ ዐሥራ አንድ ቀንም ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ ፓራሲታሞል ወደ አፌ አላስገባም።

አሁን እኔም የምጠይቀው አለኝ። ይህ ዕጢ ሲፈርስ ኩላሊትን ያበላሻል የተባለው ለእኔም ያሰጋኛል? ሦስተኛው ዙር በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ካነበብኩት ጊዜ ጀምሮ ሽንቴን ስቆጥር ነው የማድረው።

የደም ሐኪም

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ። በጡት ካንሰር ላይ የዕጢ መፍረስ ችግር እጅግ አልፎ አልፎ የሚታይ ነገር ነው። የሚያሰጋን እንደ ቡርኪት ያሉ ፈጣን ሊምፎማዎች፣ ድንገተኛ የደም ካንሰሮች፣ በተለይም የነጭ ደም ቁጥሩ ከ100 ሺህ በላይ የሆነ ሕመምተኛ፣ እንዲሁም ዕጢው ትልቅ ሆኖ ኩላሊቱ ቀድሞ የደከመ ሰው ነው። ሽንትዎን መቁጠርዎን ይተዉት፤ ቴርሞሜትሩን ግን አይተዉ።

ታይፎይድን በተመለከተ ያሉት በየጊዜው የማየው ነገር ነው። ያ የደም ምርመራ ቀድሞ በነበረ ሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ፖዘቲቭ ሊሆን ስለሚችል፣ ኬሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳት በእርሱ ብቻ ሊተረጎም አይገባም።

የቤት ሙያ

እኔ ነጭ ደም የሚጨምር ምግብ ላካፍላችሁ። ለእናቴ ቀይ ሥርና ካሮት ጨምቄ፣ ከዚያም ወፍራም የአቮካዶ ጭማቂ በሙዝ እሰጣት ነበር፤ ደሟ በሁለት ሳምንት ተስተካከለ። ለወንድምሽም ኬሞው እንደተጀመረ አቮካዶና ሙዙን ብታበዢለት ኖሮ ኩላሊቱም አይጎዳም ነበር።

የደም ሐኪም

ለእናትዎ ያደረጉት በጎ ነው፤ ሰውነቷም ምግቡን ይፈልገዋል። ነገር ግን ነጭ ደሟ በሁለት ሳምንት የተመለሰው መቅኒዋ በራሱ ጊዜ ስላገገመ ነው፤ ኒውትሮፊልን ከፍ የሚያደርግ ምግብ የለም። ሁለተኛው ምክርዎ ደግሞ አደገኛ ነው። አቮካዶና ሙዝ ፖታሲየም የበዛባቸው ናቸው። ዕጢው በሚፈርስባቸው የመጀመሪያ ቀናት የደሙ ፖታሲየም በሰዓታት ውስጥ ልብን ወደሚያቆም መጠን ሊደርስ ስለሚችል፣ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ የብርቱካን ጭማቂና የቲማቲም ድልህ እንዲቆዩ እንነግራለን። ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ደግሞ ኦ አር ኤስ ውስጥም ፖታሲየም መኖሩን ነው፤ ሕመምተኛው አስመለሰ ብለው በብዛት ያጠጡታል። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ፣ ፖታሲየሙ ወርዶ ኩላሊቱ ከተመለሰ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ እነዚህን መብላት ይቻላል።

ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ የምሠራው እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በድንገተኛ ክፍል ነው። ኬሞ የወሰደ ሰው ትኩሳት ይዞ ሲመጣ ካርድ ከማስሞላታችን በፊት ወደ ውስጥ እናስገባዋለን፤ ባክቴሪያ እንዳለበት ለማየት ከሁለት ቦታ የደም ካልቸር ይወሰዳል፤ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክም በ60 ደቂቃ ውስጥ ይሰጣል። የነጭ ደሙ ውጤት እስኪመጣ አንጠብቅም። ታካሚዎቻችን ኬሞ የወሰዱበትን ቀንና የመድኃኒቱን ስም የያዘ ካርድ ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ይዞራሉ።

አስታማሚዋ እህቴ፣ አንቺም እንዲህ ያለ ወረቀት አዘጋጂ። በመቀበያው ጠረጴዛ ተራ የሚያስጠብቅሽ ሰው ኬሞ ምን እንደሚያደርግ ላያውቅ ይችላል፤ በወረቀት የተጻፈ ነገር ግን ይነበባል። ሙቀቱን የምትለኪው በአፍ ወይም በብብት ብቻ ይሁን፤ በፊንጢጣ መለካትም ሆነ በዚያ በኩል መድኃኒት ማስገባት አይገባም፤ ትንሽ ጭረት እንኳ ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። የብብት ልኬት ከአፍ ልኬት ዝቅ እንደሚል አስቢ። ደግሞም ዩሪክ አሲዱን በሰዓታት ውስጥ የሚያፈርስ ራስቡሪኬዝ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ለምን እንዳልሰጡት ጠይቂ።

የደም ሐኪም

ራስቡሪኬዝ በእጃችን ሁልጊዜ የሚገኝ መድኃኒት አይደለም፤ ዋጋውም ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይቀመስ ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ የሚያድነው በፈሳሽ መሙላት፣ በየስድስት ወይም በየስምንት ሰዓቱ ደሙን ማየትና በጊዜ ወደ እጥበት መላክ ነው።

በነርሷ ምክር ላይ የምጨምረው ለዚህ ልጅ ብቻ የሚሆን ነገር ነው። በወረቀቱ ላይ «ከሳምንት በፊት ኩላሊቱ ተጎድቶ እጥበት ተደርጎለታል፤ ክሬቲኒኑ 1.3 ነው» የሚለውን በጉልህ ይጻፉ። ትኩሳቱ ሲነሳ ድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪም ጄንታማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ሊያዝዝ ይችላል፤ ለሌላው ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ገና ለሚያገግም ኩላሊት ግን ይከብዳል። ትኩሳት ለማውረድ በየቦታው የሚወጋው ዳይክሎፌናክም እንዲሁ ኩላሊቱን ይጎዳል፤ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ባነሰበት ሰዓትም የመርፌው ቦታ ሊደማ ይችላል። ሌላም አለ፦ ከኬሞው ጋር ፕሬድኒሶሎን ከወሰደ ትኩሳቱ ሊሸፈን ስለሚችል፣ ሙቀቱ ባይጨምርም እጅግ መዛል፣ መንቀጥቀጥ፣ መቀባዠር ወይም ሰውነቱ ከወትሮው መቀዝቀዝ ከታየበት እንደ ትኩሳት ቆጥረው ይዘውት ይሂዱ።

አስታማሚ እህት
(11ኛው ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት)

የጻፋችሁት ሁሉ ዛሬ ሌሊት ጠቀመኝ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ጨምሪልኝ ብሎ ቀሰቀሰኝ። በብብቱ ስለካው 37.8 አለ። ወረቀቱ 38 ስለሚል ትንሽ አመነታሁ፤ የብብት ልኬት ዝቅ እንደሚል ስላስታወስኩ ግን ልብስ እያለባበስኩት ጎረቤት መኪና እንዲያመጣ ላክሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስለካው 38.1 ሆነ። ከ11 ሰዓት ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ሆስፒታል ደረስን። ካርድ አውጥታችሁ ተሰለፉ ተባልን። ወረቀቱን ለተረኛው ነርስ ሰጠሁት፤ አንብቦ ዝም ብሎ አልጋውን ገፋ። ደም ከሁለት ክንዱ ተወሰደ፤ ከ11 ሰዓት ተኩል ጥቂት አለፍ ሲል የመጀመሪያው መርፌ ገባ። ሐኪሟ መጀመሪያ ጄንታማይሲን ልትጨምር ጽፋ ነበር፤ የኩላሊቱን ነገር ስታይ ሰርዛ ሴፌፒም ብቻ አደረገችለት፤ መጠኑንም በኩላሊቱ ልክ አስተካከለች።

የደሙ ውጤት ሁለት ሰዓት ቆይቶ መጣ። ነጭ ደሙ 0.9 ነው ይላል፣ ኒውትሮፊል ደግሞ 18 በመቶ። ይህ ምን ያህል ዝቅተኛ ነው?

የደም ሐኪም

0.9 ማለት 900 ነው፤ የ900 አሥራ ስምንት በመቶ 162 ነው። ከ500 በታች ሲሆን አደገኛ እንለዋለን። ሰውነቱ የሚከላከልበት ነገር በእጁ እንደሌለ ቁጠሩት። 37.8 ላይ መነሳትዎ መልካም አድርገዋል።

የመተማው ልጅ

እኔ ደግሞ እንደ እናንተ ሆስፒታል አጠገብ አይደለሁም። አባቴ በጎንደር ሆስፒታል ለሊምፎማ ኬሞ ይወስዳል፤ ቤታችን መተማ ነው። ጎንደር ለመድረስ በደህናው ጊዜ ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ሌሊት ደግሞ መንገዱ አይኬድም። አገራችን የወባ ነው፤ ትኩሳት ሲነሳ ጤና ጣቢያው ወባ ይመረምራል፣ መድኃኒት ይሰጣል፣ ያልቃል። እናንተ የምትሉት 60 ደቂቃ ለእኛ እንዴት ይሆናል? ፋርማሲስቱ ያለውን ሲፕሮፍሎክሳሲን ልግዛ?

የደም ሐኪም

ጥያቄዎ ከባድና እውነተኛ ነው። ወባ ይመርመር፤ የወባ ምርመራ ፖዘቲቭ መሆኑ ግን በደሙ ባክቴሪያ የለም ማለት አይደለም፤ ስለዚህ የወባ መድኃኒት ተሰጠው ብላችሁ አትቀመጡ። ጤና ጣቢያው ሴፍትሪያክሶን በደም ሥር መስጠት ይችል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ሲዶሞናስ የሚባለውን አደገኛ ባክቴሪያ አይሸፍንምና የመጨረሻ ሕክምና አይሆንም፤ ነገር ግን ወደ ጎንደር ለሚጓዝ ሰው ምንም ካለማግኘት ይሻላል።

በአፍ የሚዋጠውን በተመለከተ፣ የአባትዎ ሐኪም አደጋው አነስተኛ ነው ብሎ ካመነ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና አሞክሲሲሊን ክላቩላኔትን አስቀድሞ ሊያዝላችሁ ይችላል። ያም የሚዋጠው መንገድ ስትጀምሩ ነው፤ እቤት ሆናችሁ ውጤቱን ለማየት አይደለም። አባትዎ የሚያስመልሳቸው ከሆነ፣ ከዛሉ ወይም የደም ግፊታቸው ከወረደ ክኒን አያድናቸውም።

ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ዶክተር፣ በአክብሮት አልስማማም። ክኒኑ እጁ ላይ ያለ ሰው ጉዞውን ያዘገያል። ትኩሳቱ ለጥቂት ሰዓት ሲወርድ «ተሻለው» ይባላል፤ ሳይሻለው ሲቀር ጉዞው ይጀመራል። እትዬ የነገሩንን ያስታውሱ፤ በእርሳቸው ላይ ፓራሲታሞል ያደረገውን እዚያ አንቲባዮቲኩ ሊያደርገው ይችላል። እኔ ብሆን ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ቀን አባቱ ጎንደር ዘመድ ቤት እንዲቆዩ ነበር የምመክረው።

የደም ሐኪም

ዘመድ ላለው ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ለሌለው ግን ሌሊቱን በሙሉ ያለ ምንም መድኃኒት እንዲጠብቅ መምከር አልችልም። የክኒኑ ጉዳት እርስዎ ያሉት እንደሆነ አምናለሁ፤ በሥራዬም አይቼዋለሁ።

ፋርማሲስት ከአዳማ

እኔ ቀድሞ ስመክር ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝተው ያስቀምጡ ማለቴ ስህተት ነበር። ባይካርቦኔቱንም አስተካክላችሁኛል። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ልጁ አሎፑሪኖሉን አሁንም ይቀጥላል? ቆዳው ላይ ሽፍታ ከወጣስ?

የደም ሐኪም

ዩሪክ አሲዱ ከተስተካከለና ዕጢው ከቀነሰ አሎፑሪኖሉ ብዙ ጊዜ ይቆማል፤ ያንን የሚወስነው የሚያክመው ክፍል ነው። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ላይ ሽፍታ ከታየ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ ክኒኑ ቁሞ ሐኪም ይጠየቅ፤ ከባድ የቆዳ አለርጂ ሊሆን ይችላል።

አስታማሚ እህት
(18ኛው ቀን)

ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ለቀቀው። ካልቸሩ ምንም አላበቀለም፤ ሐኪሟ ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው፣ ባክቴሪያ አልነበረም ማለት አይደለም አለችኝ። ትናንት ኒውትሮፊሉ 1,200 ሆኖ ወጥተናል፤ ክሬቲኒኑም 1.1 ነው። ዕጢው በእጅ ሲዳሰስ በጣም አንሷል። ለሁለተኛው ዙር ሁለት ነገር ነግረውኛል። አንደኛ፣ ዕጢው ስለቀነሰ የመፍረሱ አደጋ እንደ መጀመሪያው አይሆንም፤ ቢሆንም ለሦስት ቀን ተኝቶ ፈሳሽ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ ኬሞው ካለቀ ከ24 ሰዓት በኋላ ነጭ ደም የሚያነሳሳ ፊልግራስቲም የሚባል መርፌ በየቀኑ እንዲወጋ ይፈልጋሉ። ዋጋውን ጠይቄ ገንዘቡን ገና እያሰባሰብኩ ነው። እሱን ከወሰደ ትኩሳቱ ይቀርለታል?

የደም ሐኪም

ኒውትሮፊሉ ዝቅ ብሎ የሚቆይበትን ቀን ያሳጥረዋል፤ ስለዚህ የትኩሳቱ ዕድል ይቀንሳል፣ አይጠፋም። ቴርሞሜትሩና ወረቀቱ ለሁለተኛውም ዙር እንዳሉ ይቆዩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ በአፉ ዙሪያና በጣቶቹ የመደንዘዝ ስሜት፣ የጡንቻ መሸማቀቅ፣ የልብ ምት መዛባት ወይም የሽንት መቀነስ ካለ ለነርሷ ወዲያውኑ ይንገሩ። ቪንክሪስቲን የሚባለው መድኃኒትም ጣት ያደነዝዛል፤ ያ ግን ቀስ በቀስ በሳምንታት የሚመጣ ነው። በሁለተኛው ቀን ድንገት የመጣ መደንዘዝ ካልሲየሙ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ደሙ ሳይታይ አይታለፍ።

የመተማው ልጅ

ትናንት ጎንደር ሄጄ የአባቴን ሐኪም ጠየቅሁ። ሁለቱን ክኒን በፖስታ አድርጎ ሰጠኝ፤ በላዩም «መኪና ላይ ሲወጣ ብቻ» ብሎ ጻፈበት። ለጤና ጣቢያውም ደብዳቤ ጽፎልኛል። ዘመድ ቤት ማቆየቱን አባቴ እምቢ ብሏል፤ ሰብሉን ጥዬ አልሄድም ይላል። የሚቀጥለው ኬሞ ዐርብ ነው፤ ከሰባተኛው ቀን በፊት ደግሜ ላናግረው አስቤያለሁ።